የባሕር ዛፉ ድርሰት፦ ደካማ ቴሲስና ማስረጃ የሌለው አባባል ድራፍት ውስጥ እንዴት ይገኛል?

የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ማታ ድራፍቷን ይዛ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን መጣች። ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አሳይመንቱ አምስት ገጽ የሙግት ድርሰት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ይገባል። ርዕሱን የመረጠችው ራሷ ናት፦ ባሕር ዛፍ። ከበራችን ላይ ቆሞ የጦሳን ተራራ ባሕር ዛፍ ለሚያይ ሰው ይህ ርዕስ አይገርመውም።

«ጋሼ፣ ግራመሩን ብቻ እይልኝ» አለችኝ።

ግራመሩ ደህና ነበር። ችግሩ አምስቱንም ገጽ አንብቤ ስጨርስ ምን እያለችኝ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ባሕር ዛፍን ጠልታዋለች ወይስ ወዳዋለች? ይቆረጥ ነው የምትለው ወይስ ይተከል? በዚያ ላይ በየመስመሩ «እንደሚታወቀው»፣ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት»፣ «ሁሉም ገበሬ» ሞልቷል። በማን ይታወቃል? የትኞቹ ጥናቶች? ዝም ብዬ ግራመሩን አርሜ ብሰጣት ያማረ ባዶ ወረቀት ይዛ ነበር የምትሄደው።

ያን ማታና በማግስቱ ያደረግነውን ነው የምጽፈው። ድርሰቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ምሳሌዎቹን ግን ወደ አማርኛ መልሼ አመጣቸዋለሁ። ይህ መመለሱ ራሱ አንዱ መፈተሻ እንደሆነ ወረድ ብላችሁ ታያላችሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ቃል ላጥራ። እዚህ ቴሲስ ስል ተመራቂዎች የሚጽፉትን ጥናት ማለቴ አይደለም። ቴሲስ ስቴትመንት፣ ማለትም ድርሰቱ በሙሉ የሚሟገትለትን ያንን አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ «አቋም» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አቋሙ የት ነው ያለው?

ድራፍቱን ፕሪንት አድርጉት። ስልክ ላይ ይህን ሥራ መሥራት ይከብዳል፤ ጣት ወደ ታች መግፋት ስለሚወድ ዓይን ያልፋል። ብዕር ያዙና የመግቢያውን ፓራግራፍ ብቻ አንብቡ። የቀረውን በሌላ ወረቀት ሸፍኑት። ከዚያ አቋማችሁ ነው የምትሉትን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። አንድ ብቻ።

የአክስቴ ልጅ ብዕሩን ይዛ ቆየች። መጨረሻ ላይ ሦስት ቦታ አሰመረች። ሦስት ቦታ ማስመር ማለት ያው አንድም የለም ማለት ነው።

አሁን መግቢያውን ትታችሁ ወደ መጨረሻው ፓራግራፍ ሂዱ። ይህቺን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቃትም። ሰው ድራፍት ሲጽፍ የሚያስበው እየጻፈ ነው፤ ምን ማለት እንደፈለገ የሚገባው አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ እውነተኛው አቋም ብዙ ጊዜ መደምደሚያው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። የእሷም እንደዚያ ሆነ። መግቢያው «ባሕር ዛፍ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ይላል። መደምደሚያው ደግሞ «ስለዚህ መንግሥት ባሕር ዛፍን መከልከል አለበት» ይላል። ሁለቱ የአንድ ሰው ድርሰት አይመስሉም። መግቢያውና መደምደሚያው ካልተስማሙ መግቢያውን እመኑ አልልም፤ ብዙውን ጊዜ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

«ተጠየቅ» በሉት

ድሮ በሙግት ችሎት ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ» ይል ነበር፤ ያኛውም «ልጠየቅ» ብሎ ይቀርባል። ያሰመራችሁበትን ዓረፍተ ነገር እንደዚያ አቁሙትና ሦስት ነገር ጠይቁት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ባላጋራ አለህ ወይ? አቋሙን ገልብጣችሁ ተቃራኒውን ጻፉት። ተቃራኒውን ጤነኛ ሰው ሊለው ካልቻለ አቋም የላችሁም። ከመግቢያዋ ካሰመረችባቸው አንዱ «ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት የሚገኝ ዛፍ ነው» የሚል ነበር። ገልብጡት፦ «ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ በስፋት አይገኝም»። ይህን ማን ይላል? ጦሳን ያላየ ሰው ካልሆነ ማንም አይልም። ስለዚህ ይሄ መረጃ እንጂ አቋም አይደለም። ሁለተኛው ያሰመረችበት «ጥቅምም ጉዳትም አለው» ነው። ተቃራኒው «ጥቅምም ጉዳትም የለውም» ይሆናል፤ እሱንም የሚል የለም። እንዲህ ያለው አቋም ስለ ሞባይል፣ ስለ ጫት፣ ስለ ዝናብም ይሠራል። ርዕሱን ብትቀይሩት ሳይለወጥ የሚቀር ዓረፍተ ነገር ስለ ርዕሱ ምንም አላለም። ሦስተኛው «በዚህ ድርሰት ስለ ባሕር ዛፍ ተጽዕኖ እንወያያለን» ይላል። እሱ ማስታወቂያ ነው። ምን ልትሠሩ እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንደምታምኑ አይናገርም።

እዚህ ላይ የአማርኛው ፈተና ይመጣል። አቋማችሁን ዩኒቨርሲቲ ላልገባ ዘመዳችሁ በአማርኛ ንገሩት። በእንግሊዝኛ «ፕሌይስ ኤ ቫይታል ሮል» ስትሉ ትልቅ ነገር የተናገራችሁ ይመስላችኋል። እናታችሁን ቡና ላይ ስትነግሯት «ጠቃሚ ነው» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እሷም «እሱንማ አውቃለሁ ልጄ፣ እና?» ትላችኋለች። ያ «እና?» የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያምር፣ በአማርኛ ሲነገር የሚቀልጥ ዓረፍተ ነገር ውስጡ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የት? የማን? ምን ያህል? «መንግሥት ባሕር ዛፍን መከልከል አለበት» የሚለው ባላጋራ አለው፤ ስለዚህ አቋም ነው። ግን በጣም ሰፊ ነው። የኢትዮጵያን ባሕር ዛፍ በሙሉ? ቤት የሚሠራበት ማገርና አጠና ከየት ይምጣ? ማገዶስ? ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ባሕር ዛፍ የሚሸጥ ገበሬ ምን ይሁን? ይህን ሁሉ በአምስት ገጽ መመለስ አይቻልም። ከአቋሙ ስፋት የተነሳ ማስረጃ የሚያንስበት ድርሰት በጣም ብዙ ነው። ተማሪው ማስረጃ ያጣ ይመስለዋል እንጂ ያጣው ወሰን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ለምን? ከአቋሙ ኋላ «ምክንያቱም» የሚል ጨምሩና ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱ። የአክስቴ ልጅ «ምክንያቱም ጎጂ ስለሆነ ነው» አለች። ይሄ መልስ አይደለም፤ «መከልከል አለበት» የሚለውን በሌላ ቃል መድገም ነው።

ችክ ብንል እዚያው ቆመን ማደራችን ነበር። ወረቀቱን አስቀመጥኩና «ቆይ፣ ይሄን ርዕስ ለምን መረጥሽው? ምን አናደደሽ?» አልኳት።

ታሪኩ ወጣ። ቤተሰቦቿ ኩታበር ናቸው። ጎረቤታቸው ወሰን ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፉ አደገ፤ የአባቷ ገብስ በዚያ በኩል ቀጨጨ። ጎረቤትየው ዛፉን ሸጠ፤ ጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ጎረቤትየው «የተከልኩት በራሴ መሬት ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በራሱ መሬት ነው የተከለው። ሥሩና ጥላው ግን ወሰን አያውቅም።

«ይሄ ወረቀቱ ላይ የት አለ?» አልኳት።

«የለም። እሱማ የቤት ጉዳይ ነው ብዬ…»

ድርሰቱ እሱ ነበር። ባሕር ዛፍ ጎጂ ነው አይደለም የሚለው አይደለም ጥያቄዋ። ትርፉ ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው ሲሆን ምን ይደረግ ነው። ከብዙ ስርዝ ድልዝ በኋላ አቋሟ እንዲህ ሆነ፦

«በኩታበር ዙሪያ ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ በእህል ማሳ ወሰን ላይና ከምንጭ አጠገብ እንዳይተከል መገደብ አለበት፤ ምክንያቱም ገቢው ለተካዩ ሲሆን የምርቱና የውኃው ጉዳት የሚያርፈው በጎረቤቱ ላይ ነው። ለእርሻ በማይሆን ገደላማ መሬት ላይ ግን ሊፈቀድ ይገባል።»

ባላጋራ አለው፤ ጎረቤትየው ራሱ። ወሰን አለው፤ ቦታውም የተከላው ዓይነትም ተለይቷል። «ምክንያቱም» አለው፤ ያም ምን ማስረጃ እንደምትፈልግ ይነግራታል፦ ገቢው ለማን እንደሆነ፣ ወሰን ላይ ያለ ሰብል ምን እንደሚሆን፣ የምንጩ ጉዳይ። ጥሩ አቋም የማስረጃ የገበያ ዝርዝር ነው ብላችሁ ያዙት።

ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጠሯቸው

ቀጥሎ ወደ ድርሰቱ ሆድ እንግባ። ፓራግራፍ በፓራግራፍ ሂዱ። በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ አንድ ፊደል። «አ» አባባል ነው፤ አንባቢ እንዲቀበላችሁ የምትፈልጉት ነገር። «ማ» ማስረጃ ነው፤ ቁጥር፣ ያያችሁት ነገር፣ ምስክር፣ ስሙ የተጠራ ጥናት። «ት» ትንታኔ ነው፤ ማስረጃው ለምን አባባሉን እንደሚደግፍ የምታስረዱበት። የሎጂክ ኮርስ የወሰዳችሁ ፕሪሚስና ኮንክሉዥን ታስታውሳላችሁ፤ ዘመዱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛ ፓራግራፍ ይህ ነው፦

(1) ባሕር ዛፍ በጣም ብዙ ውኃ ይጠጣል። (2) በዚህም ምክንያት በወሎ ብዙ ምንጮች ደርቀዋል። (3) ሁሉም ገበሬ ይህን ያውቃል። (4) ጥናቶች እንደሚያሳዩት ባሕር ዛፍ አፈርን ያጠፋል። (5) አያቴ ልጅ ሳለች ውኃ የምትቀዳበት ምንጭ ዛሬ የለም። (6) ስለዚህ መንግሥት ባሕር ዛፍን መከልከል አለበት።

ፊደሎቹን ስትጽፍ እንዲህ አደረገቻቸው፦ አ፣ ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ፣ አ። አራት ማስረጃ ያላት መሰላት። አብረን አንድ በአንድ አየናቸው።

አንደኛው «ብዙ» ይላል። ከምን ሲነጻጸር? ከገብስ? ከጽድ? ከወይራ? «ብዙ»፣ «በጣም»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ባያችሁ ቁጥር ክብ አድርጉባቸው። ማነጻጸሪያ የሌለው «ብዙ» ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። ይህ ዓረፍተ ነገር «አ» ነው፤ እሱን ትክክል አድርጋለች።

ሁለተኛው «በዚህም ምክንያት» ይላል። ሰበብ ስትናገሩ ሁለት ነገር አለባችሁ፤ ነገሩ መሆኑን ማሳየት፣ ከዚያ በዚያ ምክንያት መሆኑን ማሳየት። ምንጭ በሌላም ይደርቃል። ዝናብ ሲያጥር፣ ከላይ ያለው ደንና ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ ውኃ የሚጠቀመው ሰው ሲበዛ። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምንጩ መቀነስ የጀመረው ዛፉ ከመተከሉ በፊት ነው በኋላ? ባሕር ዛፍ በሌለበት አጠገብ ያለ ምንጭስ እንዴት ሆነ? እነዚህን ያልነካ ዓረፍተ ነገር «ማ» አይባልም። «አ» ነው፤ ያውም ከበድ ያለ «አ»።

ሦስተኛው ላይ ሳቅን። «ሁሉም ገበሬ ያውቃል» ካልሽ ጎረቤታችሁስ ገበሬ አይደለም? «ሁሉም»፣ «ማንም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም» የሚሉት አንድ ሰው ብቻ እጁን ቢያወጣ ይወድቃሉ። ጎረቤትየው እጁን አውጥቶ ቆሟል።

አራተኛው በጣም የተለመደው ነው። እኔ «ስም የለሽ ጥናት» እለዋለሁ። «ጥናቶች ያሳያሉ» ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ የሚል አባባል ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አንድ ሰው አይቷል» እንደማለት ነው። ማነው ሰውየው? ይምጣ። የሰሚ ሰሚ ምስክር አይሆንም።

አምስተኛው አያቷ ናቸው። እሷ ይህን መሰረዝ ነበር የፈለገችው። «አካዳሚክ አይደለም» ብላ። እኔ ግን ከስድስቱ ብቸኛው «ማ» ይሄ ነው አልኳት። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ በዓይን የታየ ነገር። ግን የሚመሰክረውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አያቷ ምንጩ እንደነበረና እንደጠፋ ይመሰክራሉ። በባሕር ዛፍ ምክንያት መጥፋቱን አይመሰክሩም፤ ያንን ማየት አይቻልማ። ማስረጃ ከሚችለው በላይ ስታሸክሙት ይሰበራል። በልኩ ከጫናችሁት ግን ይራመዳል።

ስድስተኛው ከ«ነው» ወደ «አለበት» ይዘላል። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት በሙሉ እውነት ቢሆኑ እንኳ «መከልከል» አይከተልም። መሐል ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ፦ «ጉዳት ያለው ነገር ሁሉ መከልከል አለበት» የሚል። መኪናም ጉዳት አለው፤ አልተከለከለም። «አለበት» ወይም «ይገባል» ባያችሁ ቁጥር ከፊቱ ያለውን ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ ጻፉት። ሲጻፍ ካሳፈራችሁ ሙግቱ እዚያ ጋ ነው የላላው። የእሷ ሲጻፍ ያሳፍራል። «ትርፉን የሚወስድ ሰው ጉዳቱን በሌላ ላይ መጣል የለበትም» የሚለው ግን አያሳፍርም። ሽማግሌውም መምህሩም ይቀበሉታል።

ስለዚህ የፓራግራፉ እውነተኛ ፊደላት አ፣ አ፣ አ፣ አ፣ ማ፣ አ ናቸው። «ት» አንድም የለም። አራት «አ» ከተደረደረ ፓራግራፉ ንግግር እንጂ ሙግት አይደለም። በተቃራኒው ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ ብቻ ከሆነ መጋዘን ነው፤ ዕቃው አለ፣ የሚሸጥ ሰው የለም።

ሳይቴሽን አለ ማለት ድጋፍ አለ ማለት አይደለም

አራተኛ ፓራግራፏ ላይ ቅንፍ ውስጥ የደራሲ ስምና ዓመት አለ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ ቅንፍ ካየ «ማ» ብሎ ያልፋል። አትለፉ። ፒዲኤፉን ክፈቱና ሦስት ነገር አነጻጽሩ፦ የት ተሠራ፣ ምን ተለካ፣ ጸሐፊው ራሱ በመደምደሚያው ምን ያህል ርቆ ሄደ።

ለምሳሌ አንድ ጥናት ከባሕር ዛፍ መስመር አጠገብ ያለ ሰብል ምርቱ ይቀንሳል፣ እየራቀ ሲሄድ ግን ልዩነቱ ይጠባል ይላል እንበል። የተለካው እንደ ርቀቱ የሚለያየው ምርት ነው። ተማሪው ይህን አንብቦ «ባሕር ዛፍ የአገሪቱን የእህል ምርት ቀንሷል» ብሎ ከጻፈና ቅንፉን ከጨመረ፣ ጥናቱ ያላለውን አስብሎታል። የሚገርመው ደግሞ ለአክስቴ ልጅ አዲስ አቋም የሚጠቅመው ጥናቱ በትክክል ያለው ነው። «አጠገብ» የሚለው ቃል የወሰን ላይ ክርክሯን ይደግፋል። «የአገሪቱ» የሚለው ግን ምንም አይሠራላትም። አጋንና ልትጠቀም ስትል ጥሩ ማስረጃዋን ልታበላሸው ነበር።

ማስረጃ የማያስፈልገውም አለ። ጦሳ ከደሴ በላይ ያለ ተራራ ነው ስትሉ ቅንፍ አትፈልጉ። ግን ለእናንተ የታወቀ ሁሉ ለአንባቢው የታወቀ አይደለም። መምህሯ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ደጋ ላይ ገብስ በብዛት እንደሚዘራ ወይም ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ አንድ መስመር ማስረዳት አይከፋም።

ማረም፦ ፈልግ፣ ቀንስ፣ ሰርዝ

ማስረጃ የሌለው «አ» ስታገኙ ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው። ማስረጃ ትፈልጉለታላችሁ፤ ወይም አባባሉን ባላችሁ ማስረጃ ልክ ትቀንሱታላችሁ፤ ወይም ትሰርዙታላችሁ። የትኛውን? አባባሉን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አቋሙን አንብቡ። አቋሙ ያለሱ ከወደቀ ማስረጃ ፈልጉ፤ ላይብረሪ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው። አቋሙ ትንሽ ብቻ ከተነካ ቀንሱት። ምንም ካልሆነ ሰርዙት።

መቀነስ ማለት ግን በየዓረፍተ ነገሩ «ምናልባት» መበተን አይደለም። አንዳንዱ ይህን ሲነገረው «ምናልባት ሊሆን ይችል ይሆናል» እያለ ይጽፋል። ያም ሌላ በሽታ ነው። የሚቀነሰው ልኩ ነው፦ «ሁሉም» ወደ «ያነጋገርኳቸው አምስት ገበሬዎች»፣ «ወሎ» ወደ «መንደራችን»፣ «አደረቀው» ወደ «ዙሪያው ከተተከለ በኋላ እየቀነሰ ሄደ»።

ሦስተኛው ፓራግራፍ ዓርብ ማታ ይህን መስሎ ነበር፦

«አያቴ ልጅ ሳለች ውኃ ትቀዳበት የነበረው ምንጭ ዛሬ የለም። እንደምታስታውሰው መቀነስ የጀመረው ዙሪያው በባሕር ዛፍ ከተሸፈነ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን ከላይ ያለው ቁጥቋጦም ስለተመነጠረ ዛፉ ብቻ አደረቀው ማለት አይቻልም። ሆኖም ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያለውና ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ጥቂት ወር ብቻ መሬት ላይ ከሚቆይ ገብስ የበለጠ ውኃ ይስባል። ዛፉን ሸጦ ገቢ የሚያገኘው አንድ ሰው ነው፤ ከምንጩ የሚቀዳው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ከምንጭ አጠገብ አዲስ ተከላ መገደብ አለበት።»

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቅንፍ ይገባል። ስለ ባሕር ዛፍ የውኃ አጠቃቀም የተጻፈ ብዙ ስላለ በእሱ አልተቸገረችም። «አፈርን ያጠፋል» የሚለውን ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም። ለምነቱን? እርጥበቱን? ሰረዘችው፤ ፓራግራፉ ምንም አልጎደለበትም። በነገራችን ላይ «ዛፉ ብቻ አደረቀው ማለት አይቻልም» ማለቷ አላዳከማትም። መምህሩ ሊጠይቃት የነበረውን ቀድማ ወሰደችበት።

እውነት የሆነ ትርፍ

አሁን በየፓራግራፉ ዳር አንድ መስመር ጻፉ፦ ይህ ፓራግራፍ ምን አለ? ከዚያ መስመሮቹን ብቻ ከአቋሙ ሥር ደርድራችሁ እያንዳንዱን «ምክንያቱም» ከሚለው ጋር ግጠሙት። የማይገጥም ይወጣል።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ፓራግራፍ ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር እንዴት እንደገባና አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዴት እንዳወጣት ይተርካል። ያማረ ፓራግራፍ ነው። ከወሰን ጋር ግን አይገናኝም።

«ግን እውነት ነው እኮ ጋሼ!»

እውነት ነው። ማስረጃም አለው። ግን ማስረጃ የሆነው ላልተነሳ ክርክር ነው። በጣም ያዘነችበት ይህን ስናወጣ ነው፤ ግማሽ ገጽ ሄደ። በቦታው የጎረቤትየው ሙግት ገባ፦ ገንዘብ ሲያስፈልግ የሚሸጥ ዛፍ ነው፣ ከብት አይበላውም፣ መሬቱም የራሴ ነው የሚለው። እሱን በደንብ፣ እሱ ራሱ ቢያነብ «አዎ፣ ይሄን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ እንድትጽፈው ነገርኳት። መልሷ ገደላማው መሬት ላይ ይተከል የሚለው ነው፤ አቋሟ ውስጥ ቀድሞ አለ።

ይህ ዘዴ የማይዘው ነገርም አለ። ፊደል መጻፍ ማስረጃ መኖሩን ያሳያል እንጂ እውነት መሆኑን አያሳይም። የሚመቻችሁን ጥናት ብቻ መርጣችሁ ከሆነም ወረቀቱ ላይ «ማ» ሆኖ ያምራል። ለዚያ መድኃኒቱ ከእናንተ የማይስማማ አንድ ጽሑፍ ፈልጎ ማንበብ ነው፤ አንድ ይበቃል። ጊዜውን በተመለከተ፣ ለአምስት ገጽ አቋም ፍለጋው አንድ ምሽት፣ ቁጥርና ፊደሉ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደብን። ከዚያ ወረቀቱን አሳድሩት። በጻፋችሁበት ማታ ሁሉም «አ» ማስረጃ መስሎ ነው የሚታያችሁ።

እሑድ ማታ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አሁንም ፊደሏ አ ነው። ምን ላድርጋት?»

«አብሽሪ፣ ተያት» አልኳት። «ከሥሯ አምስት የሚሸከሟት አሉ።»